የመጀመሪያ ፈተናዋን ያወጣችበት ሌሊት፦ ለሁሉም እኩል የሆነ ፈተና እንዴት ይዘጋጃል?

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ቀሰቀስኩዎት?»

ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። የደወለችልኝ አብራኝ የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። ሥራ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። ለሰባተኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና እያወጣች ነበር፤ የመጀመሪያዋ ነው። ጠዋት ለኮፒ መግባት አለበት። ፈተናው ዓርብ ነው፤ ያን ቀን ረቡዕ ነበር።

«አልቋል እኮ፤ ጽፌ ጨርሻለሁ» አለችኝ። «ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። ከባድ ይሁን ቀላል አላውቅም። አንዱን ልጅ ጠቅሞ ሌላውን የሚበድል ነገር ያለበት ይመስለኛል። ምኑ ጋ እንደሆነ ግን አይታየኝም።»

ተነሥቼ መብራት አበራሁ። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ በስልክ አብረን ሠራን። ያን ሌሊት የሠራነውን በየተራው እጽፈዋለሁ። ፈተና የምታወጡ ከሆነ ወረቀታችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ተከተሉ።

አንደኛ፦ ጥያቄዎቹን ትታችሁ ክፍለ ጊዜዎቹን ቁጠሩ

ጥያቄዎቹን ልታነብልኝ ስትጀምር አስቆምኳት። «መጀመሪያ የዕለት ዕቅድሽን አውጪ። ምን ምን አስተማርሽ? ስንት ስንት ክፍለ ጊዜ?»

ምዕራፉ ስለ ሙቀት ነው። በጠቅላላው 12 ክፍለ ጊዜ ወስዶባታል። በሙቀትና በሙቀት መጠን መካከል ያለው ልዩነት 2፣ ቴርሞሜትር ማንበብ 2፣ ሙቀት የሚተላለፍባቸው ሦስት መንገዶች 6፣ የነገሮች በሙቀት መለጠጥ 2።

ፈተናው ከ24 ነው። ስለዚህ ለአንድ ክፍለ ጊዜ 2 ማርክ ይደርሰዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 4፣ 4፣ 12፣ 4። ይህን በሰንጠረዥ ማስቀመጥ ነው የፈተና ቢጋር የሚባለው። ብዙ ጊዜ ቢጋር ለፋይል ተብሎ ከፈተናው በኋላ ይሞላል። ያኔ ምንም አይጠቅምም። ጥቅሙ ከጥያቄው ሲቀድም ነው።

ከዚያ «አሁን የጻፍሻቸውን ጥያቄዎች በየርዕሱ ቁጠሪያቸው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። እስክሪብቶዋ ወረቀት ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።

«ልዩነቱ 4። መተላለፊያ መንገዶች 8። መለጠጥ...» ቆመች። «መለጠጥ 11። ቴርሞሜትር አንድ።»

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። መለጠጥን ያስተማረችው ባለፈው ሳምንት ነው። የብረት ኳስና ቀለበት ይዛ ገብታ፣ ኳሱ ሲሞቅ በቀለበቱ አላልፍ ሲል ልጆቹ እንዴት እንደተገረሙ ለሁላችንም በደስታ ነግራናለች። ቴርሞሜትርን ያስተማረችው ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የቅርቡና የምንወደው ነገር እጃችንን ይመራዋል። በዚያ ፈተና ያን ሳምንት ታሞ የቀረ ልጅ ከ24ቱ 11ዱን ያጣ ነበር። ቴርሞሜትር ማንበብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ እውቀቱን የሚያሳይበት አንድ ማርክ ብቻ ነው ያለው።

ከመለጠጥ 7 ማርክ አወጣን። ለቴርሞሜትር 3፣ ለመተላለፊያ መንገዶች 4 ጨመርን። የመጀመሪያው ጭንቀቷ እዚህ ላይ ስም አገኘ።

ሁለተኛ፦ እያንዳንዱን ጥያቄ ትምህርቱን እንዳልተማረ ሰው አንብቡት

አሁን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። አንዱን እንደነበረ ላስቀምጠው፦

ከሚከተሉት ውስጥ ጥሩ ሙቀት አስተላላፊ ያልሆነው የቱ ነው?
ሀ) መዳብ
ለ) አሉሚኒየም
ሐ) ብረት
መ) እንጨት፣ ምክንያቱም ሙቀትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ

ትምህርቱን ያልተማረ ልጅም «መ» ይላል። ረጅሙ እሱ ነው፤ ምክንያትም የተሰጠው ለእሱ ብቻ ነው። መምህር ትክክለኛው መልስ እንዳያከራክር ሲል ሳያስበው ያስረዝመዋል። ልጆች ይህን ቶሎ ይለምዱታል። ግን ሁሉም ልጆች እኩል አይለምዱትም። ታላቅ ወንድም ወይም አስጠኚ ያለው ልጅ «ረጅሙን ምረጥ» የሚለውን ምክር ሰምቷል። ሌላው አልሰማም። ስለዚህ ጥያቄው ከሳይንሱ ይልቅ ማን ብልሃቱን እንደተነገረው ይለካል።

ሌላም ነገር ነበረው። «ያልሆነው» የምትለው ቃል መሐል ላይ ተደብቃለች። በአማርኛ አፍራሹ ነገር በቃሉ መጀመሪያ ላይ ያለች «ያል» ወይም «የማይ» ብቻ ናት። የቸኮለ ልጅ «የሆነው» ብሎ ያነባታል። መልሱን እያወቀ ይሳሳታል። ከተቻለ ጥያቄውን ወደ አዎንታ ቀይሩት። ካልተቻለ ቃሉን አስምሩበት። እኛ እንዲህ ቀየርነው፦

የድስት እጀታ እንዳያቃጥለን ከየትኛው ቢሠራ ይሻላል?
ሀ) ከመዳብ
ለ) ከአሉሚኒየም
ሐ) ከእንጨት
መ) ከብረት

አማራጮቹ በርዝመት እኩል ናቸው። አፍራሽ ቃልም ለመልሱ አያስፈልግም። ልጁ ግን ስለ ሙቀት አስተላላፊነት ማወቅ ግድ ይለዋል።

በዚህ ንባብ ላይ ሌላ ሁለት ነገር ያዝን። ተራ ቁጥር 9 ላይ «እንጨት ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ...» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ነበር። የተራ ቁጥር 4ን መልስ በነፃ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ማግኘት የሚቻለው ፈተናውን ከታች ወደ ላይ ሲያነቡት ነው። ከላይ ወደ ታች ስናነብ መልሱን ቀድመን ስላለፍነው አይታየንም። ሌላው የመልሶቹ አቀማመጥ ነው። ከ12ቱ ምርጫ ሰባቱ መልሳቸው «ሐ» ነበር። ይህ በሁላችንም ላይ የሚደርስ ነው። አማራጮቹን በፊደል ተራ ወይም ከትንሽ ወደ ትልቅ ብትደረድሯቸው መልሱ ራሱ ቦታውን ያገኛል።

ሦስተኛ፦ ይህን ነገር ያስተማርኩት ለሁሉም ክፍል ነው?

ይህኛው ነው ያን ሌሊት ብዙ ጊዜ የወሰደብን። ለእኔም ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዋ 4 ማርክ የያዘ ነው። በጣም ወዳዋለች። እንዲህ ይላል፦ «አንድ የብረትና አንድ የእንጨት ማንኪያ አንድ ክፍል ውስጥ አድረዋል። ጠዋት ስንነካቸው የብረቱ የበለጠ ይቀዘቅዘናል። የትኛው ማንኪያ ነው የሙቀት መጠኑ ዝቅ ያለው? ምክንያቱን ግለጹ።»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስላደሩ ሁለቱም የሙቀት መጠናቸው እኩል ነው። ብረቱ የሚቀዘቅዘን ከእጃችን ሙቀትን ቶሎ ስለሚወስድ ነው። የሸመደደ ልጅ አይመልሰውም፤ የገባው ልጅ ግን ይመልሰዋል።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«አንድ ልጅ ጠይቆኝ ነው። ጠዋት የብረቱ ወንበር ለምን ይቀዘቅዛል፣ የእንጨቱስ ለምን አይቀዘቅዝም አለኝ። ክፍለ ጊዜው በሙሉ በእሱ አለቀ። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።»

«የትኛው ክፍል?»

ረጅም ዝምታ ሆነ።

«ሰባተኛ ለ» አለች ቀስ ብላ። «ሀ ክፍል... አልነገርኳቸውም። ማንም አልጠየቀኝም።»

ሲያስጨንቃት የነበረው ይህ ነው። ወንበሩን ማንኪያ አድርጋዋለች እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ለ«ለ» ክፍል ልጆች ጥያቄው የማስታወስ ጥያቄ ነው። ለ«ሀ» ክፍል ልጆች ግን አዲስ ነገር አስቦ የማግኘት ጥያቄ ነው። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ፈተናው ግን ሁለት ነው።

ከአንድ በላይ ክፍል የምታስተምሩ ከሆነ ይህን አድርጉ። ከእያንዳንዱ ክፍል የአንድ ጎበዝ ጸሐፊ ልጅ ደብተር ተዋሱ። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ በሁለቱም ደብተር ውስጥ ፈልጉት። የእኛ የዕለት ዕቅድ ልናስተምር ያሰብነውን ነው የሚነግረን። ደብተሩ ግን ክፍል ውስጥ የሆነውን ይናገራል። በዚያ ሰዓት ደብተር ስላልነበረን በትውስታዋ ነው የሠራነው። በማግስቱ ጠዋት ግን ሁለት ደብተር ተውሳ አመሳከረች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥም መንገዱ ሁለት ነው። ከፈተናው በፊት ከቀረው ክፍል ጋር ክፍለ ጊዜ ካለ ማስተማር ነው። ከሌለ ጥያቄውን ማውጣት ነው። እሷ ከ«ሀ» ጋር እስከ ዓርብ የምትገናኝበት ክፍለ ጊዜ አልነበራትም። «ማርኩን ዝቅ ባደርገውስ?» አለችኝ። አይሆንም። ከ4 ወደ 2 ቢወርድ በደሉ ያንሳል እንጂ አይጠፋም።

አወጣችው። እየከበዳት ነው ያወጣችው፤ ድምፅዋ ላይ ይታወቃል። በምትኩ ሁለቱም ክፍሎች የተማሩትን ውሃ የማፍላት ነገር ወሰድን፦ «ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እሳት ላይ ተጥዷል። ሙቀቱ ከእሳቱ ተነሥቶ ከላይ ያለው ውሃ ድረስ እንዴት እንደሚደርስ በቅደም ተከተል ግለጹ።»

በዚሁ አጋጣሚ፣ በሌላ ጥያቄዋ አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ መስኮቱ የሚናገረው ነበር። አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ ልጅ ነገሩን በዓይነ ሕሊናው ለመሳል ጊዜ ያጠፋል። የቤት መስኮት አደረግነው። ሳይንሱ አልተለወጠም።

አራተኛ፦ መልሱን ከፈተናው በፊት ጻፉ

«የመልስ ቁልፍ አለኝ» አለች። የምርጫዎቹ ብቻ ነበር። ለማብራሪያው ጥያቄ «4 ማርክ» ከሚል በቀር ምንም የለም።

አራቱ ማርክ ለምን ለምን እንደሚሰጥ አንድ በአንድ ጻፍን። ሙቀቱ በድስቱ ታች በኩል በኮንዳክሽን ወደ ውሃው ያልፋል፤ 1። ከታች ያለው ውሃ ሲሞቅ ይለጠጥና እፍጋቱ ይቀንሳል፤ «ይቀልላል» ያለ ልጅም ያገኛል፤ 1። የሞቀው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ 1። ቀዝቃዛው ወደ ታች ወርዶ ቦታውን ይይዛል፣ ዑደቱም ይቀጥላል፤ 1።

ከዚያ አስቸጋሪዎቹን መልሶች ራሴ እያመጣሁ ጠየቅኳት። «አንድ ልጅ ‹በኮንቬክሽን› ብሎ ብቻ ቢጽፍስ?»

«ሁለት እሰጠዋለሁ።»

«ሌላው ደግሞ ሂደቱን በሙሉ በትክክል ገልጾ ኮንቬክሽን የሚለውን ስም ቢረሳስ?»

አሰበች። «እሱ አራቱንም ማግኘት አለበት። የጠየቅሁት ግለጹ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ስሙን ብቻ የጻፈው ሁለቱን በምን አገኘ?»

ስለዚህ ወሰነች፤ ስም ብቻውን ማርክ አያሰጥም። ነገር ግን ይህን እኛ ብቻ አውቀነው ልጆቹ ካላወቁት ሌላ በደል ነው። ጥያቄው ሥር አንድ መስመር ጨመርን፦ «የሂደቱን ስም ብቻ መጻፍ ማርክ አያሰጥም።» የፊደል ግድፈትም ማርክ እንዳያስቀንስ ቁልፉ ላይ ጻፈች። የምትፈትነው ሳይንስ ነውና።

ይህ ሥራ ከእርማት ቀን በፊት ማለቅ ያለበት ምክንያት አለው። እርማት ላይ ስንደርስ መልሱ የልጅ ፊት አለው። የምናውቀው ጎበዝ ልጅ አሻሚ ነገር ሲጽፍ «ማለት የፈለገው እንዲህ ነው» እንላለን። ሲረብሸን የከረመው ልጅ ያንኑ ሲጽፍ «አልገባውም» እንላለን። በሌሊት፣ ስሞቹ ሳይኖሩ የጻፋችሁት ቁልፍ ከዚህ ይጠብቃችኋል። ስታርሙም የስሙን ቦታ አጥፋችሁ ያዙ፤ የሁሉንም ልጅ አንዱን ጥያቄ ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። እንዲህ ሲሆን ሃያኛው ወረቀት በመጀመሪያው ሚዛን ይመዘናል።

አምስተኛ፦ ሰዓት ይዛችሁ ራሳችሁ ተፈተኑ

«በይ፣ ስልኩን ዝጊና ተፈተኚ» አልኳት። «ጥያቄውን ሙሉ አንብቢ። ማብራሪያውን በእጅሽ ጻፊው።»

ተመልሳ ስትደውል «16 ደቂቃ» አለች። ተደስታለች። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነውና።

በመምህራን ዘንድ የተለመደ ስሌት አለ። መምህሩ የወሰደበትን ጊዜ ቢያንስ በሦስት ማባዛት ነው። 16 በሦስት 48 ይሆናል። ከ40ው ደቂቃ ደግሞ ወረቀት ለማደልና ለመሰብሰብ 5 ይሄዳል። የቀረው 35 ነው። በዚህ ፈተና ቀስ ብሎ የሚጽፍ ልጅ የማብራሪያው ጥያቄ ላይ ሳይደርስ ያልቅበታል። 4 ማርክ የሚያጣው ባለማወቅ ሳይሆን በእጁ ፍጥነት ነው።

መቀነስ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ቆርጦ መጣል ቢጋሩን ያፈርሰዋል። እኛ ከየርዕሱ ሩቡን አነሣን። ከሦስቱ ትንንሽ ርዕሶች አንድ አንድ ምርጫ፣ ከመተላለፊያ መንገዶች አንድ ምርጫና አንድ ባለ 2 ማርክ አጭር መልስ። የወጡት ሌላ ጥያቄ የጠየቀውን የሚደግሙት ናቸው። የቀረው 8 ምርጫ፣ 3 አጭር መልስና 1 ማብራሪያ ነው፤ ከ18። በርዕስ ሲታይ 3፣ 3፣ 9፣ 3። ሚዛኑ አልተነካም። ከ18 የሚለው ቁጥር አላማራትም ነበር፤ ግን ወደሚፈለገው መቀየር የአንድ ደቂቃ ሒሳብ ነው። እንደገና ስትሠራው 11 ደቂቃ ወሰደባት።

ሰባት ሰዓት ሆኗል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ ሁለቱ ክፍሎች የሚፈተኑት መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ሀ» በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ «ለ» በአምስተኛው። በመሐል ዕረፍት አለ፤ ጥያቄው በዕረፍት ሰዓት ግቢውን ይዞራል። ጠዋት ከሌላ መምህር ጋር ክፍለ ጊዜ ተቀያይራ በአንድ ሰዓት እንዲፈተኑ አደረገች። እኔም አንዱን ክፍል ፈተንኩላት።

ስድስተኛ፦ ከእርማት በኋላ ጥያቄዎቹንም እረሙ

ቅዳሜ ደግሞ ደወለች። «ለ» ክፍልን አርማ ጨርሳለች። ልጆቹ 45 ናቸው።

ውጤት መዝገብ ላይ ከመጻፏ በፊት ወረቀቶቹን ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ እንድትደረድር ነገርኳት። ከላይ 15፣ ከታች 15 ወስዳ ለእያንዳንዱ ምርጫ ከሁለቱም ወገን ስንት ልጅ እንዳገኘው ትቆጥራለች። ጤነኛ ጥያቄን ከላይ ያሉት ይበልጥ ያገኙታል። ከላይ 9፣ ከታች 3 ካገኙት ከባድ ነው፤ ግን ጥሩ ነው። ቁጥሩ ከተገለበጠ ጥፋቱ የጥያቄው ነው ወይም የቁልፉ።

አንዱ ተገለበጠ። ከላይኞቹ 15 ያገኙት 5 ብቻ ናቸው። ከታችኞቹ 9። ጥያቄው ከሚከተሉት በራዲየሽን የሚደርሰን ሙቀት የቱ ነው የሚል ነበር። ቁልፉ «የፀሐይ ሙቀት» ይላል። ከላይኞቹ ዘጠኙ የመረጡት ግን «እሳት ዳር በጎን በኩል ስንቆም የሚሰማን ሙቀት» የሚለውን ነው።

እነሱም ልክ ናቸው። ከእሳቱ ጎን ለቆመ ሰው በአብዛኛው የሚደርሰው ሙቀት በራዲየሽን ነው፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ሁለታችንም በሌሊት አልፈነዋል። ጎበዞቹ ልጆች በጥንቃቄ ስላሰቡ ነው የተቀጡት።

ጥያቄውን ጨርሶ መሰረዝ አንዱ መንገድ ነው። ያኔ ግን ፀሐይን መርጠው በትክክል ያገኙት ማርካቸውን ያጣሉ። ለሁሉም መስጠት ሌላው ነው፤ በግልጽ የተሳሳቱትም ያገኛሉ ማለት ነው። ትክክለኛ መልሶቹ ሁለት ስለሆኑ ሁለቱንም መቀበል ነው የተሻለው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እንደገና አረመቻቸው፣ የሁለቱንም ክፍል። ሰኞ ወረቀቱን ስትመልስ ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም መልስ ጻፈችና ለምን እንደተለወጠ ነገረቻቸው።

«ሀ» ክፍል ስትገባ ደግሞ ከቢሮ አንድ የብረት ወንበር ይዛ ነበር። ከአንድ የእንጨት ወንበር ጎን አስቀመጠችውና ልጆቹን በየተራ እየጠራች አስነካቻቸው።